ቬኑ 15 ሲል 10 ብለን የምንጽፈው ለምንድን ነው?

ለስላሳ ሸክላ ላይ የመንገድ ሙሌት ልንሠራ ነው እንበል። መሬቱ ረግረግ ነው፣ ውኃው ከላይ ነው፣ ሲረገጥ ጫማ ያስቀራል። ጥያቄው አንድ ነው፦ ይሄ መሬት ስንት ሜትር ሙሌት ይሸከማል? መልሱን ለማግኘት የሸክላውን ሺር ጥንካሬ ማወቅ አለብን፤ ማለትም አፈሩ ተቆርጦ በራሱ ላይ እንዳይንሸራተት የሚይዝበትን አቅም። እዚህ ላይ ነው ቬን የሚባለው መሣሪያ የሚመጣው። እንዲህ ያለ ሸክላ ላይ ከብዙዎቹ ሙከራዎች የበለጠ እወደዋለሁ፣ ምክንያቱም አፈሩን ሳናወጣው እዚያው ባለበት ነው የሚለካው። ለስላሳ ሸክላ በቱቦ ተጎትቶ ወጥቶ፣ በመኪና ተንገላትቶ ላብራቶሪ ሲደርስ የቀድሞው ሸክላ አይደለም።

ግን ቬኑ የሚሰጠውን ቁጥር እንዳለ ወስዶ ሙሌት የሠራ ሰው ሊጎዳ ይችላል። ይሄ ወሬ አይደለም፣ በተግባር የታየ ነው። ባንኮክ ከተማ የተቀመጠችበት ሸክላ በጣም ለስላሳና በጣም ፕላስቲክ ነው፣ ማለትም እንደ ጭቃ በእጅ የሚቀረጽ። እዚያ ላይ ሆን ተብሎ እስኪናድ ድረስ የሙከራ ሙሌት ተሠርቶ ነበር። ሙሌቱ በተናደበት ቀን በቬን ቁጥር ሲሰላ ሴፍቲ ፋክተሩ፣ ማለትም የመሬቱ አቅም ከጫናው ስንት እጥፍ እንደሆነ የሚነግረን ቁጥር፣ 1.5 ገደማ ይመጣል። አስቡት፣ ስሌቱ "ገና ግማሽ ያህል ትርፍ አቅም አለህ" እያለ ሙሌቱ መሬት ላይ ተኝቷል። ስሌት ትክክል ቢሆን ኖሮ በናደበት ሰዓት ልክ 1.0 ነበር መምጣት ያለበት።

ይህን ነገር በደንብ ያየው ላውሪትስ ቤየሩም ነው። ዴንማርክ የተወለደ፣ የኖርዌይ ጂኦቴክኒክ ኢንስቲትዩትን ከ1951 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እስኪሞት ድረስ የመራ ሰው። ምን እንዳደረገ ትንሽ ቆይቼ እነግራችኋለሁ፤ መጀመሪያ መሣሪያውን በቅርብ እንየው፣ ምክንያቱም የስህተቱ ምንጭ መሣሪያው በሚሠራበት መንገድ ውስጥ ነው ያለው።

ቬን ማለት ቀጭን ዘንግ ጫፍ ላይ የተበየዱ አራት የብረት ክንፎች ናቸው። ከላይ ስታዩት የመደመር ምልክት ይመስላል። ቁመቱ የስፋቱ እጥፍ ነው። ብዙ ጊዜ የምናገኘው ስፋቱ 65 ሚሊ ሜትር፣ ቁመቱ 130 ሚሊ ሜትር የሆነውን ነው። ክንፎቹ ቀጭን መሆን አለባቸው፣ ወፍራም ከሆኑ ሲገቡ ሸክላውን ገፍተው ያበላሹታል። የተጣመመ ክንፍ ካያችሁ በዚያ ቀን አትለኩ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ቬኑን ሳናዞረው ቀጥ አድርገን ወደሚፈለገው ጥልቀት እንገፋዋለን። ከቁፋሮ ጉድጓድ ታች የምንለካ ከሆነ ቁፋሮው ያወከውን አፈር ማለፍ ስላለብን፣ ቢያንስ የጉድጓዱን ስፋት አምስት እጥፍ ያህል ወደ ታች ገፍተን ነው። ከዚያ ትንሽ ደቂቃ እንጠብቃለን። ብዙ መጠበቅም ጥሩ አይደለም፤ በክንፎቹ ዙሪያ የታመቀው ውኃ እየወጣ ሸክላው ከነበረው በላይ ይጠነክራል። ቀጥሎ ማዞር እንጀምራለን፣ በደቂቃ 6 ዲግሪ። ይሄ ምን ያህል ቀርፋፋ እንደሆነ ለመረዳት የእጅ ሰዓታችሁን ደቂቃ ቆጣሪ ተመልከቱ። 60 ደቂቃ ውስጥ 360 ዲግሪ ይዞራል፣ ማለትም በደቂቃ 6 ዲግሪ። ቬኑ የሚዞረው ልክ በዚያ ፍጥነት ነው። ቆሞ ለሚያይ ሰው የማይንቀሳቀስ ነው የሚመስለው።

የመጠምዘዝ ኃይሉ፣ እኛ ቶርክ የምንለው፣ ቀስ እያለ ይጨምራል፣ ይጨምራል፣ ከዚያ ጫፍ ይነካና ይወርዳል። ያ ጫፍ ሸክላው የተቆረጠበት ሰዓት ነው። ብዙውን ጊዜ ማዞር ከተጀመረ ከ2 እስከ 5 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ይመጣል። ይቺን የደቂቃ ነገር ያዙልኝ፣ በኋላ ዋናዋ ተዋናይ እሷ ናት።

ሸክላው ሲቆረጥ ቬኑን ከብቦ የሲሊንደር ቅርጽ ያለው ስንጥቅ ይፈጠራል። የጎኑን ግድግዳና ሁለቱን ክዳኖች ደምረን ቶርኩን ወደ ጥንካሬ እንቀይራለን። ቁመቱ የስፋቱ እጥፍ ሲሆን ስሌቱ ይሄ ነው፦

```
su = 6 T / (7 π D^3)
```

su ሺር ጥንካሬው ነው፣ T ቶርኩ፣ D ደግሞ የቬኑ ስፋት። 65 ሚሊ ሜትሩን ቬን ካስገባችሁበት አንድ የሚያስደስት ነገር ታገኛላችሁ፦ ታችኛው ቁጥር ለ6 ሲካፈል 0.001 ሜትር ኩብ ገደማ ይወጣል። ስለዚህ በኒውተን ሜትር ያነበባችሁት ቶርክ በኪሎፓስካል ካለው ጥንካሬ ጋር እኩል ነው ማለት ይቻላል። 15 ካነበባችሁ 15 ኪሎፓስካል ነው። ሜዳ ላይ ቆማችሁ ያለ ካልኩሌተር ቁጥሩ ያስኬዳል ወይስ አያስኬድም የሚለውን ለማየት ከዚህ የተሻለ ነገር የለም።

እሺ፣ እስካሁን ሁሉም ነገር ንጹሕ ነው። ታዲያ የባንኮኩ ሙሌት ለምን ናደ?

ዋናው መልስ ጊዜ ነው። የዳቦ ሊጥ ያቦካ ሰው ይሄን በእጁ ያውቀዋል። የቦካ ሊጥ በድንገት ጎትታችሁ ለመበጠስ ብትሞክሩ ይታገላችኋል፣ ጠንካራ ነው። ያንኑ ሊጥ በሁለት እጅ ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ ብትለቁት ግን በራሱ ክብደት እየተሳበ፣ እየቀጠነ ይወርዳል። ሊጡ አልተቀየረም። የተቀየረው እናንተ የሰጣችሁት ጊዜ ነው። ሸክላም እንደዚያው ነው። ቬኑ ለእኛ ዓይን የደቂቃ ቆጣሪ ያህል ይዘግያል፣ ለሸክላው ግን ፈጣን ነው፤ በሦስት ደቂቃ ውስጥ ቆረጠው። ሙሌቱ ደግሞ በሳምንታት ነው የሚሠራው። አንድ ንብርብር ይደፋል፣ ይጠቀጠቃል፣ ሌላው ይመጣል፣ ሸክላው ያንን ክብደት ተሸክሞ ቀን ከሌሊት ይቆያል። በዚያ ሁሉ ጊዜ ቅንጣቶቹ ትንሽ ትንሽ እየተንሸራተቱ ይሄዳሉ።

በቁጥር ሲታይ፣ ለስላሳ ሸክላ የሚቆረጥበት ጊዜ አሥር እጥፍ ሲረዝም ጥንካሬው በግርድፉ 10 በመቶ ያህል ይቀንሳል። ከ3 ደቂቃ ተነስተን ወደ 10,000 ደቂቃ (አንድ ሳምንት ገደማ ነው) ስንሄድ አሥር እጥፉ ሦስት ተኩል ጊዜ ያህል ይደገማል። ስለዚህ ከጥንካሬው ሲሶ ያህሉ ሊጠፋ ይችላል። መሣሪያው አልዋሸም፣ የለካውን ነው የነገረን። ችግሩ የሦስት ደቂቃውን ጥንካሬ እኛ የሳምንት ሥራ ላይ ማዋላችን ነው።

አሁን ፕላስቲሲቲ የት ገባ? ያ 10 በመቶ ለሁሉም ሸክላ አንድ ዓይነት አይደለም። ፕላስቲሲቲ ኢንዴክስ ማለት ሸክላው ሳይፈረካከስ፣ እንደ ፈሳሽም ሳይሆን፣ እንደ ሸክላ ሠሪዋ ጭቃ በእጅ የሚቀረጽበት የውኃ መጠን ስፋት ነው። ሁለት ወሰን አለው። ታችኛው ሸክላውን መሬት ላይ በመዳፍ እያንከባለላችሁ እንደ ክር ስታቀጥኑት ወደ 3 ሚሊ ሜትር ሲደርስ መፈረካከስ የሚጀምርበት የውኃ መጠን ነው። ላይኛው ደግሞ እንደ ወፍራም ፈሳሽ መፍሰስ የሚጀምርበት ነው። የላይኛው 92፣ የታችኛው 28 ከሆነ ልዩነቱ 64 ነው፤ ፕላስቲሲቲ ኢንዴክሱ 64 ነው እንላለን።

ይሄ ቁጥር ትልቅ ሲሆን ሸክላው ውስጥ በጣም ደቃቅ ቅንጣት ብዙ አለ፣ በእያንዳንዷ ቅንጣት ላይ የተጣበቀው ውኃም ብዙ ነው ማለት ነው። ቅንጣቶቹ የሚነካኩት በዚያ በተጣበቀ ውኃ በኩል ነው። በፍጥነት ስትቆርጡት ያ ንክኪ ይይዛል፤ ጊዜ ስትሰጡት ይለቃል። ፕላስቲሲቲው ትንሽ የሆነ፣ ደለል የበዛበት ሸክላ ውስጥ ግን እንዲህ ያለ መጎተት ብዙም የለም፣ ፈጥናችሁ ቆረጣችሁትም ዘግይታችሁ ልዩነቱ ያን ያህል አይሆንም። ለዚህ ነው ማስተካከያው በፕላስቲሲቲ የሚወሰነው፦ ቬኑ ከእውነታው በላይ የሚነግረን መጠን ሸክላው ፕላስቲክ በሆነ ቁጥር ስለሚያድግ።

ሌላም ምክንያት አለ፣ አቅጣጫ። በቬኑ ዙሪያ ከሚፈጠረው ስንጥቅ ቶርኩን በብዛት የሚሸከመው የቆመው ግድግዳ ነው፤ ከላይ ያለው ስሌት እንደሚለው ከሰባት ስድስቱን እጅ። ሙሌት ሲንሸራተት ግን የተቆረጠው ገጽ እንደ ቅስት ነው። ከሙሌቱ መሐል ሥር ሸክላው ወደ ታች ተጨፍልቆ ነው የሚቆረጠው፣ መሐል ላይ በአግድም ይሸራተታል፣ ጫፉ ላይ ደግሞ ወደ ላይ ተገፍቶ ይነሳል። ሸክላ በሁሉም አቅጣጫ እኩል ጠንካራ አይደለም፤ ወደ ላይ ሲገፋ ብዙ ጊዜ ደካማ ነው። ቬኑ ይህን ሁሉ አያየውም። በሌላ በኩል ደግሞ ቬኑ ሲገባ ሸክላውን ትንሽ ስለሚያውከው ቁጥሩን ወደ ታች የሚጎትት ነገርም አለ። አንዱ ይጨምራል፣ አንዱ ይቀንሳል። ጊዜው ግን ፕላስቲክ ሸክላ ላይ ሁሉንም ይበልጣል።

እንግዲህ ቤየሩም ያደረገው ነገር እነዚህን ምክንያቶች አንድ በአንድ ለመለየት መድከም አልነበረም። እኔ የምወድለት ይሄን ነው። በየአገሩ ለስላሳ ሸክላ ላይ የናዱ ሙሌቶችን ሰበሰበ። ለእያንዳንዱ በቬን ጥንካሬ ሴፍቲ ፋክተሩን አሰላ። ሙሌቱ ስለናደ እውነተኛው 1.0 መሆኑ የታወቀ ነው፤ ስሌቱ 1.5 ካለ ቬኑ አንድ ተኩል እጥፍ አጋንኗል ማለት ነው። ከዚያ ያንን ትርፍ ከሸክላው ፕላስቲሲቲ ኢንዴክስ ጋር በአንድ ግራፍ ላይ አስቀመጠው። ነጥቦቹ ተበታትነዋል፣ ግን አቅጣጫቸው ግልጽ ነው፦ ፕላስቲሲቲ በጨመረ ቁጥር ትርፉ ይጨምራል። በ1972 እ.ኤ.አ. አቀረበው፣ በሚቀጥለው ዓመት ሞስኮ በተደረገው ዓለም አቀፍ ጉባኤ ላይም ደገመው። ከዚያ ወዲህ ለስላሳ ሸክላ ላይ የሚሠራ ሰው ሁሉ የቬኑን ጥንካሬ በአንድ ማባዣ ያባዛል፣ ማባዣውም μ ይባላል።

በቤየሩም መስመር ፕላስቲሲቲ ኢንዴክሱ 20 ገደማ ሲሆን ማባዣው 1.0 ነው፣ ቁጥሩ እንዳለ ይሄዳል። 40 ላይ 0.85 ገደማ፣ 60 ላይ 0.75 ገደማ ይሆናል፣ እንዲህ እያለ ይወርዳል። በኋላ ቻንድለር የሚባል ተመራማሪ ጊዜን በቀጥታ የሚያስገባ ቀመር አወጣ። ለተለመደ የሙሌት ሥራ፣ ማለትም መናዱ ወደ 10,000 ደቂቃ ለሚወስድበት፣ እንዲህ ነው፦

```
μ = 1.05 - 0.045 * sqrt(PI)
su_corrected = μ * su_vane
```

PI ፕላስቲሲቲ ኢንዴክሱ ነው። የቤየሩምና የቻንድለር መስመሮች ፍጹም አንድ አይደሉም፤ የቻንድለሩ ትንሽ ዝቅ ይላል። ሁለቱንም ማስላትና ልዩነቱን ማየት ጥሩ ነው። ስዊድኖች ደግሞ በፕላስቲሲቲ ፈንታ በላይኛው ወሰን ብቻ የሚሠራ የራሳቸው ማስተካከያ አላቸው። ሐሳቡ ያው ነው።

አሁን አንድ ምሳሌ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንሥራ። ቁጥሮቹ ለምሳሌ የተመረጡ ናቸው፣ ግን እንዲህ ያለ ሸክላ በእውነት አለ።

5 ሜትር ጥልቀት ላይ 65 ሚሊ ሜትር ቬን አስገብተን አዞርን። ከፍተኛው ንባብ 16 ኒውተን ሜትር ነው። ከዚህ ውስጥ 1ዱ ዘንጉ ከአፈሩ ጋር ሲፋተግ የመጣ ነው፣ ይቀነሳል። 15 ቀረ። ስለዚህ የቬን ጥንካሬ 15 ኪሎፓስካል። ከዚያው ጥልቀት የወጣ ናሙና ላብራቶሪ ሄዶ ፕላስቲሲቲ ኢንዴክሱ 64 ሆነ። የ64 ስኩዌር ሩት 8 ነው። 8 በ0.045 ሲባዛ 0.36። ከ1.05 ሲቀነስ 0.69። 15 በ0.69 ሲባዛ 10.35 ኪሎፓስካል። ርዕሱ ላይ ያለው 10 ከዚህ ነው የመጣው።

ይሄ የ5 ኪሎፓስካል ልዩነት በመንገዱ ላይ ምን ያደርጋል? ሸክላው ጥልቅ ነው፣ ጥንካሬውም ከላይ እስከ ታች ያው ነው ብለን በጣም እናቅለው። እንዲህ ሲሆን መሬቱ የሚሸከመው ጫና የጥንካሬው 5.14 እጥፍ ነው። ያልተስተካከለውን 15 ከወሰድን 77 ኪሎፓስካል ይሸከማል። አንድ ሜትር የተጠቀጠቀ ሙሌት 19 ኪሎፓስካል ያህል ይጫናል፣ ስለዚህ ሙሌቱ የሚናደው 4 ሜትር አካባቢ ሲደርስ ነው እንላለን። ለደህንነት በ1.3 አካፍለን 3.1 ሜትር እንሠራለን። ሁሉም ነገር በወረቀት ላይ አምሯል።

የተስተካከለውን 10.35 ብንወስድስ? 53 ኪሎፓስካል ብቻ ነው የሚሸከመው። ያ ማለት ሙሌቱ 2.8 ሜትር ላይ ይናዳል። ልብ በሉ፣ 3.1 ሜትር ላይ አስተማማኝ ነው ያልነው ሙሌት 3.1 ሜትር ሳይደርስ ይወድቃል። እውነተኛ ሴፍቲ ፋክተሩ 0.9 ነበር። የመጨረሻዋን ንብርብር የሚደፋው ገልባጭ መኪና ከነሾፌሩ ሙሌቱ ላይ ቆሞ ነው ይሄ የሚሆነው። ለዚህ ነው ስለዚህ ማባዣ ሲወራ ቀለል አድርጌ ማለፍ የማልችለው።

ታዲያ 10.35 ትክክል መሆኑን በምን እናውቃለን? በጣም የሚያረካ ማረጋገጫ አለ። በ1957 እ.ኤ.አ. ስኬምፕተን የሚባለው እንግሊዛዊ መሐንዲስ የቬን ጥንካሬ ከአፈሩ ጫና ጋር ሲነጻጸር በፕላስቲሲቲ እየጨመረ እንደሚሄድ አሳይቶ ነበር። ለብዙ ዓመታት ይሄ የሸክላው ባሕርይ ነው ተብሎ ተወሰደ። በኋላ በ1975 እ.ኤ.አ. ሜስሪ የስኬምፕተንን መስመር በቤየሩም ማባዣ አባዛው። ያ ጭማሪ ጠፋ ማለት ይቻላል። ፕላስቲሲቲው ምንም ይሁን ምን ውጤቱ ከአንድ ቁጥር አጠገብ ሆነ፦ 0.22። ማለትም የተስተካከለው ጥንካሬ ሸክላው ከዚህ በፊት ከተሸከመው ከፍተኛ ጫና 0.22 ያህሉ ነው። እንደ ሸክላው ባሕርይ ስናየው የነበረው ጭማሪ በብዛት የሙከራው ፍጥነት ነበር።

ይሄን ለምሳሌያችን እንጠቀምበት። 10.35 ለ0.22 ሲካፈል 47 ኪሎፓስካል ነው። ላብራቶሪ ውስጥ ኦዶሜትር ላይ ናሙናውን ቀስ በቀስ እየጫንን ቀድሞ የተሸከመውን ጫና እናገኛለን። ያ ሙከራ ከ45 እስከ 50 አካባቢ ከሰጠን ሁለቱ ሙከራዎች ተስማምተዋል፣ ልባችን ያርፋል። 30 ከሰጠን ግን አንዱ ተሳስቷል። ወይ ናሙናው ተንገላቷል፣ ወይ የቬኑ ንባብ ውስጥ የሸክላው ያልሆነ ነገር አለ።

የሸክላው ያልሆነ ነገር ስል ምን ማለቴ ነው? አንደኛው ከላይ ያልኩት የዘንግ ፍትጊያ ነው። ጥልቀቱ ሲጨምር ዘንጉ ይረዝማል፣ ከአፈር ጋር የሚነካካበት ይበዛል። ጥሩ መሣሪያ ከቬኑ በላይ 15 ዲግሪ ያህል ያለ ሥራ የሚዞር መገጣጠሚያ አለው፤ በዚያ ጊዜ የሚነበበው ዘንጉ ብቻ ነው፣ ከዚያ ቬኑ ሲይዝ ንባቡ ድንገት ሽቅብ ይሄዳል። ግራፉ ላይ መጀመሪያ ዝቅ ያለች ጠፍጣፋ መስመር፣ ቀጥሎ ዳገት ታያላችሁ። ያቺ ጠፍጣፋ መስመር ከሌለች ፍትጊያው በምን ተለካ ብላችሁ ጠይቁ። ለስላሳ ሸክላ ላይ 3 ወይም 4 ኒውተን ሜትር ያልተቀነሰ ፍትጊያ ትልቅ ነገር ነው፤ በምሳሌያችን ከአምስት አንዱን እጅ ይሆናል።

ሁለተኛው ሥር፣ ቀንድ አውጣ ቅርፊትና ቀጭን የአሸዋ ወይም የደለል ንብርብር ነው። ንጹሕ ሸክላ ውስጥ ግራፉ ለስላሳ ኮረብታ ነው፣ ይወጣል፣ ጫፍ ይነካል፣ ይወርዳል። ግራፉ እንደ መጋዝ ጥርስ ከሆነ ወይም ጫፍ ሳይኖረው ዝም ብሎ መውጣቱን ከቀጠለ ክንፉ ላይ የተያዘ ነገር አለ። አጠገቡ ካሉት ንባቦች በድንገት እጥፍ የሆነ አንድ ቁጥርም ያው ነው። ያንን ንባብ አማካይ ውስጥ አታስገቡት። በ0.69 ብታባዙትም አይድንም፤ ማባዣው የተሠራው ለሸክላ ነው፣ ለሥር አይደለም። ክር የበዛበት የበሰበሰ ተክል አፈር ላይም ቬን እንዳለ አይታመንም፣ ክሮቹ ክንፉ ላይ ይጠመጠማሉ።

ሦስተኛው ፍጥነት ነው። ሞተር በሌለው መሣሪያ በእጅ እያዞሩ የሚሠሩ ልጆች አሉ፣ ሲደክማቸው ወይም ዝናብ ሲመጣ ይፈጥናሉ። ይሄን ያየሁት በዓይኔ ነው። አንድ ሥራ ላይ ጠዋት የተለኩት ንባቦች ከ12 እስከ 14፣ ከሰዓት በኋላ የተለኩት ከ16 እስከ 18 ነበሩ፣ በአንድ ሜዳ፣ በአንድ ጥልቀት። ሸክላው በምሳ ሰዓት አይጠነክርም። የሰዓት መዝገቡን ስናየው ጠዋት እያንዳንዱ ሙከራ ጫፍ የነካው በ4 ደቂቃ ነው፣ ከሰዓት በኋላ ከ1 ደቂቃ በታች። ልዩነቱ ሁሉ ከፍጥነቱ ነው ማለት አልችልም፣ ግን የከሰዓቱን ጥለን በማግስቱ ደገምነው። ከዚያ ወዲህ ጫፍ የተነካበትን ደቂቃ ያልጻፈ መዝገብ አልቀበልም።

ስለ ማባዣው ራሱም እውነቱን እንነጋገር። የቤየሩም ነጥቦች በመስመሩ ዙሪያ ተበታትነዋል፤ ወደ ላይም ወደ ታችም 20 በመቶ መሳት የተለመደ ነው። ስለዚህ 0.69 ማለት 0.69 ብቻ ማለት አይደለም፣ ከ0.55 እስከ 0.8 ያለ ቦታ ነው ብሎ መያዝ ይሻላል። ፕላስቲሲቲ ኢንዴክሱ ከ20 በታች ሲሆን መስመሩ ከ1.0 በላይ ይወጣል። እዚያ ላይ ቁጥሩን መጨመር አልመክርም፣ በ1.0 ማቆም ነው። ደግሞ ማባዣው የወጣው ከናዱ ሙሌቶች ነው። ለቁፋሮ ግድግዳ ወይም ለፓይል እንዳለ መገልበጥ ትክክል አይደለም። ሸክላውን አሥር ዙር ያህል በፍጥነት አዙረን፣ አቡክተን የምንለካው የታወከ ጥንካሬም በዚህ ማባዣ አይነካም።

አገር ቤት ላሉት መሐንዲሶች አንድ ነገር ልበል። የእኛ መረሬ፣ ጥቁሩ አፈር፣ ፕላስቲሲቲው በጣም ከፍተኛ ስለሆነ ይሄ ማባዣ ለእሱ የተሠራ ሊመስል ይችላል። አይደለም። መረሬ በበጋ ደርቆ የተሰነጣጠቀ፣ ጠንካራ፣ ውኃ ያልሞላው አፈር ነው። ቬኑ ብዙ ጊዜ አይገባም፣ ቢገባም የሚለካው በስንጥቆቹ መሐል ያለውን ጓል ነው። ስንጥቆቹ ደግሞ ናቸው የሚያንሸራትቱት። ይሄ ሁሉ ወሬ ውኃ ለጠገበ፣ ከ50 ኪሎፓስካል በታች ለሆነ ለስላሳ ሸክላ ነው፤ ለሐይቅ ዳር፣ ለወንዝ አፍ፣ ለረግረግ። ክረምት ላይ ላዩ የሚለሰልሰው መረሬም ጥቂት ወደ ታች ሲወረድ ሌላ አፈር ነው።

የመጨረሻው ነገር ከሁሉም ቀላሉ ሆኖ ከሁሉም በላይ ያበሳጨኝ ነው። አንድ ጊዜ የአፈር ምርመራ ሪፖርት ደረሰኝ፣ ሰንጠረዡ ላይ "ሺር ጥንካሬ" የሚል አንድ ዓምድ ብቻ ነበር። ዲዛይኑን የሠራው ሰው ቁጥሮቹን በ0.7 አባዝቷቸዋል። ቆይተን ስንጠይቅ ሪፖርቱን የጻፉት ሰዎችም ቀድመው በ0.7 አባዝተዋቸው ነበር። 0.7 በ0.7 ማለት 0.49 ነው። ግማሹ ጥንካሬ በወረቀት ላይ ጠፍቶ መሬቱን ለማጠናከር ብዙ ገንዘብ ሊወጣበት ነበር። ሁለቱም አላባዙት ቢሆን ኖሮ ደግሞ የባንኮኩ ነገር ነው። ስለዚህ አሁን የምቀበለው ሪፖርት አራት ዓምድ አለው፦ ከዘንግ ፍትጊያ የጸዳው ቶርክ፣ ያልተስተካከለው የቬን ጥንካሬ፣ የዚያው ጥልቀት ፕላስቲሲቲ ኢንዴክስ፣ እና የተስተካከለው ጥንካሬ በየትኛው ቀመር እንደሆነ ከተጻፈበት ጋር።